በመከታተያ ቁጥር መጨረሻ ያሉት ሁለት ፊደሎች ምን ይነግሩናል?

ወዳጄ ከአንድ ቻይናዊ ሻጭ ኦንላይን የጆሮ ማዳመጫ አዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመከታተያ ቁጥር ተላከለት። ቁጥሩ የሚያልቀው በ NL ነው። ፈልጎ ሲያይ NL ማለት ኔዘርላንድ ሆኖ አገኘው። ወዲያው ደወለልኝ። "እኔ የገዛሁት ከቻይና ነው፤ ኔዘርላንድ ከየት መጣ?" አለኝ። ድምፁ እንደተበላ ሰው ነበር።

አልተበላም። ግን የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው እነዚያን ሁለት ፊደሎች "ዕቃው የመጣበት አገር" ብሎ ነው የሚያነባቸው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ አነባበብ ይሠራል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚልከው ካለበት አገር ፖስታ ቤት ነው። በትክክል ሲነበቡ ግን ፊደሎቹ የሚናገሩት ቁጥሩን የሰጠው ፖስታ ቤት የየት አገር እንደሆነ ነው። ዕቃው የት እንደተሠራ አይነግሩንም። ሻጩ የት እንደሚኖርም አይነግሩንም። ወዴት እንደሚሄድማ ጨርሶ አይናገሩም።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ግን ዕቃ ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ ብዙ ነገር የሚያያዘው በእሱ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን እንየው። ይህንን ለምሳሌ እንዲሆነን እኔ ነኝ ያቀናበርኩት፦

```
RR305827162NL
```

አሥራ ሦስት ምልክት አለው። ከፊት ሁለት ፊደል፣ መሃል ላይ ዘጠኝ አሃዝ፣ ከኋላ ሁለት ፊደል። ይህን ቅርጽ ያወጣው ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 የተመሠረተ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ነው። የዚህ ቁጥር ደንብ መጠሪያ S10 ይባላል። የአንዱ አገር ፖስታ ቤት የለጠፈውን ባርኮድ የሌላው አገር ፖስታ ቤት አንስቶ ማንበብ የሚችለው ሁሉም ይህንን አንድ ቅርጽ ስለሚከተሉ ነው።

የፊት ፊደሎች የአገልግሎቱን ዓይነት ይናገራሉ። በ R ከጀመረ ሪኮማንዴ ነው። በ C ከጀመረ ጥቅል ነው። በ E ከጀመረ ፈጣኑ ኢኤምኤስ ነው። በ U ከጀመረ ግን ተጠንቀቁ፤ እሱ መንገድ ለመንገድ ክትትል የማይደረግለት ትንሽ ፓኬት ነው። ባርኮዱ የተለጠፈው በዋናነት ለጉምሩክ መረጃ ነው። በ U የሚጀምር ቁጥር ይዞ በየቀኑ ስልኩን እየከፈተ የሚጨነቅ ሰው በከንቱ ነው የሚጨነቀው። ያ ቁጥር ምንም ሳያሳይ ዕቃው ደጁ ሊደርስ ይችላል።

መሃል ያሉት ስምንት አሃዞች ተራ ቁጥር ናቸው። ዘጠነኛው አሃዝ ማረጋገጫ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች የተወሰዱት ፖስታ ቤቶች ካወጡት ዝርዝር አይደለም። ISO 3166 ከሚባለው ዓለም አቀፍ የአገሮች መለያ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ብዙ ሰው ፊደሎቹን የሚያሳስተው ሁሉንም በእንግሊዝኛ ስም ሊፈታቸው ስለሚሞክር ነው። ብዙዎቹ ግን የመጡት አገሩ ራሱን ከሚጠራበት ስም ነው። ጀርመን DE የሆነችው ዶይችላንድ ከሚለው ነው። ስፔን ES የሆነችው ኤስፓኛ ከሚለው ነው። ኢስቶኒያ በራሷ ቋንቋ ኤስቲ ስለሆነች EE ናት። ክሮኤሺያ ደግሞ ህርቫትስካ ከሚለው ስሟ HR ሆነች። ደቡብ አፍሪካን ZA ያሰኛት የደች ስሟ ነው፣ ዙይድ አፍሪካ። SA የሳዑዲ ዓረቢያ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚስትባት ስዊዘርላንድ ናት። መለያዋ CH ነው። ኮንፌዴራሲዮ ሄልቬቲካ ከሚለው የላቲን ስሟ የመጣ ነው። የአገሩ ሰዎች አራት ቋንቋ ስለሚናገሩ የላቲኑ ስም የማንኛቸውም ስላልሆነ ለሁሉም ይመቻል። የውጭ ሰው ግን CH ሲያይ ቻይና ነው የሚመጣለት። ቻይና CN ናት። ሆንግ ኮንግ ደግሞ የራሷ መለያ አላት፣ HK። ስለዚህ ዕቃው ከሆንግ ኮንግ ፖስታ ቤት ከተላከ በ CN አያልቅም።

አሁን ወደ ወዳጄ ጉዳይ እንመለስ። ሻጩ ቻይና ነው፤ ቁጥሩ ግን የኔዘርላንድ ነው። እንዴት?

ትልልቅ የኦንላይን ሻጮች እንደ እኔና እንደ እናንተ ፖስታ ቤት ሄደው መስኮት ላይ አይሰለፉም። ዕቃቸውን የሚሰበስብላቸው መካከለኛ ድርጅት አለ። እሱ በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ፓኬት ይሰበስባል። ከዚያ በዋጋም በፍጥነትም ከሚያዋጣው ፖስታ ቤት ጋር ይዋዋላል። ያ ፖስታ ቤት የግድ የቻይና መሆን የለበትም። የኔዘርላንድ፣ የስዊድን፣ የቤልጂየም፣ የሲንጋፖር ወይም የማሌዥያ ፖስታ ቤት ሊሆን ይችላል። ከቻይና ሻጭ የተገዛ ዕቃ በ NL፣ በ SE፣ በ BE፣ በ SG ወይም በ MY የሚያልቅ ቁጥር ይዞ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

ቁጥሩ የሚለጠፈው ግን ገና ዕቃው ቻይና እያለ ነው። መካከለኛው ድርጅት ከኔዘርላንዱ ፖስታ ቤት የተሰጠው የቁጥር ክልል አለው። ሻጩ መጋዘን ውስጥ ማተሚያ አለ። ትዕዛዙ ሲገባ ወረቀቱ በ NL የሚያልቅ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ፓኬቱ ላይ ይለጠፋል። መረጃውም በኮምፒውተር ቀድሞ ወደ ፖስታ ቤቱ ይሄዳል። ወዳጄ ስልኩ ላይ ያየው የመጀመሪያ መልእክት "የዕቃው መረጃ ደርሶናል" የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ የደረሰው መረጃው ነው። ዕቃው አይደለም።

ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አለ። ወዳጄን ያናደደው ይህ ዝምታ ነበር። ሆኖም ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓኬቱ በእነዚያ ቀናት የተጓዘው በጭነት ነው፤ ገና ወደ ፖስታ ቤት እጅ አልገባም። ቁጥሩ የኔዘርላንድ ፖስታ ቤት ነው። ያ ፖስታ ቤት ደግሞ ስለ ፓኬቱ መናገር የሚችለው ከተረከበው በኋላ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተቀበልኩ አለ። በማግስቱ ወደ ውጭ የሚላከውን ፖስታ ከሚያሰናዳው ማዕከል ወጣ የሚል መጣ። ከዚያ በኋላ ቀጥሎ የሚናገረው የተቀባዩ አገር ፖስታ ቤት ነበር።

ፖስታ ቤቶች እርስ በእርስ የሚለዋወጧቸው እነዚህ መልእክቶች የራሳቸው አጭር መለያ አላቸው። አንዳንድ የመከታተያ ገጾች ላይ ያያችኋቸው ይሆናል። EMA ማለት ላኪው አስረከበ ማለት ነው። EMC ከላኪው አገር መለዋወጫ ማዕከል ወጣ ነው። EMD በተቀባዩ አገር መለዋወጫ ማዕከል ደረሰ ነው። EMI ደግሞ ለባለቤቱ ተሰጠ። ከ EMA እስከ EMC ያለውን የሚናገረው በመጨረሻው ሁለት ፊደል የተጠራው ፖስታ ቤት ነው። ከ EMD በኋላ ያለውን የሚናገረው የተቀባዩ ነው። ስለዚህ ዝምታው የት ላይ እንዳለ ካወቃችሁ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ። EMC ሳይመጣ ቀናት ካለፉ የአገራችሁ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆማችሁ ብትከራከሩ ሠራተኛዋ የምታውቀው ነገር የለም። እውነቷን ነው።

በ EMC እና በ EMD መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ የአውሮፕላኑ ጊዜ ነው። እዚያ መሃል ማንም ባርኮዱን አያነብም። ፓኬቱ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ከረጢቱ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ዝም ቢል ጠፋ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ማረጋገጫው አሃዝ ልግባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍተት አለ፤ እኔም የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

ዘጠነኛው አሃዝ ከስምንቱ ተሰልቶ ይወጣል። እያንዳንዱ አሃዝ በተራው በ 8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ይባዛል። የኛን ምሳሌ እንሥራው፦

```
3×8 + 0×6 + 5×4 + 8×2 + 2×3 + 7×5 + 1×9 + 6×7 = 152
152 ÷ 11 = 13፣ ቀሪ 9
11 − 9 = 2
```

ድምሩ 152 ነው። ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል። ከ11 ላይ 9 ሲቀነስ 2 ነው። ዘጠነኛው አሃዝ 2 የሆነው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ውጤት 10 ከሆነ 0 ይጻፋል፤ 11 ከሆነ 5 ይጻፋል። ሌላው እንዳለ ይወሰዳል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? እጃችሁ ቸኩሎ 58ን 85 ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ድምሩ 158 ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ማረጋገጫው 7 መሆን ነበረበት። የጻፋችሁት ግን 2 ነው። ገጹ ወዲያው "ቁጥሩ ትክክል አይደለም" ይላችኋል። ጥሩ ዘበኛ ነው።

ግን ዘበኛው የሚጠብቀው አሃዞቹን ብቻ ነው። ፊደሎቹ በስሌቱ ውስጥ የሉም። የፊቶቹም የኋላዎቹም። NL የነበረውን SE ብላችሁ ብትጽፉ ማረጋገጫው አሁንም 2 ነው። ቅርጹ ትክክል ነው። SE የሚባል አገርም አለ። ገጹ ምንም ሳይል ይቀበላችኋል፤ ከዚያ የተሳሳተ ፖስታ ቤት ዘንድ ሄዶ ይፈልግላችኋል።

እኔን የገጠመኝ ይህ ነው። እህቴ ከጄኔቭ ሰነድ በሪኮማንዴ ላከችልኝ። ቁጥሩን በእጇ ወረቀት ላይ ጽፋ ፎቶ አንስታ ላከችው። መጨረሻው CH ነው። እሷ ስትጽፍ ግን የ H መሃከለኛ መስመር ትንሽ ዘመም ብላለች። የዘመመ H ደግሞ N ነው። እኔ CN ብዬ አነበብኩ፤ CN ብዬም አስገባሁ። ገጹ ምንም ስህተት አላለኝም። ከቻይና ወጥቶ እኔ ወደማላውቀው አገር የደረሰ ደብዳቤ አሳየኝ። "ለባለቤቱ ተሰጥቷል" ይላል። እህቴን ደውዬ አስጨነቅኳት። ሰነዱን ማን ወሰደው? የፓስፖርቴ ቅጂ ውስጡ አለ። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

ጠዋት ላይ የደረሰኟን ፎቶ ስትልክልኝ ነው የታየኝ። አንዷን ፊደል ቀየርኩ። ሰነዴ ገና ዙሪክ ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ተራ ቁጥሩን እያንዳንዱ አገር ለብቻው ነው የሚሰጠው። ስለዚህ RR305827162CH እና RR305827162CN በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ናቸው። የሚለያቸው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። እንግዲህ እነዚያ ፊደሎች ለጌጥ የተቀጠሉ አይደሉም፤ የቁጥሩ አካል ናቸው። "አሃዞቹን ልላክልህ" ብሎ ፊደሎቹን ትቶ የሚልክ ሰው ግማሽ ቁጥር ነው የላከው።

በዚያው ላይ አንድ አገር የተጠቀመበትን ቁጥር ከጊዜ በኋላ ደግሞ ሊጠቀምበት ይችላል። ደንቡ የሚለው ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዳይደገም ነው። ስለዚህ አዲስ ቁጥር አስገብታችሁ ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰ ዕቃ ካያችሁ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። ካዘዛችሁበት ቀን በፊት ከሆነ የናንተ አይደለም።

ስለ ፊደልና አሃዝ መምታታት አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ጫፎቹ ላይ ሁልጊዜ ፊደል ነው፤ መሃሉ ሁልጊዜ አሃዝ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ክብ ምልክት ካያችሁ ዜሮ ነው፤ O ሊሆን አይችልም። መጨረሻ ላይ ክብ ምልክት ካያችሁ ደግሞ O ነው። የኖርዌይ NO እንዲህ ነው የሚያሳስተው፤ ሰው ዜሮ አድርጎ ያስገባና አልገኝ ይለዋል። ወረቀቱ ላይ በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት ካለ ግን አትጨነቁ፤ ለዓይን እንዲመች ነው፤ ስትጽፉ ያለ ክፍተት ጻፉት።

እነዚህ ፊደሎች ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት ግን ዕቃ ሲጠፋ ነው። ያኔ ጥያቄው "አሁን ማን ይፈልግልኛል?" ይሆናል። በተለመደው አሠራር አቤቱታውን የሚከፍተው ላኪው ነው፤ የሚከፍተውም በተረከበው ፖስታ ቤት ነው። ውሉ ያለው በላኪውና በዚያ ፖስታ ቤት መካከል ስለሆነ። የዓለም የፖስታ ስምምነት ለሪኮማንዴና ለጥቅል የሚሰጠው የመጠየቂያ ጊዜ ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ከዚያ ካለፈ አይቀበሉም። እህቴ ከጄኔቭ የላከችው ሰነድ ቢጠፋ ኖሮ የስዊዘርላንድ ፖስታ ቤት ሄዳ ቅጹን የምትሞላው እሷ ነበረች። እኔ የምችለው ደረሰኙን እንዳትጥል መለመን ነበር።

የወዳጄ ነገር ከዚህ ትንሽ ይለያል። በ NL የሚያልቀውን ፓኬት ለኔዘርላንድ ፖስታ ቤት ያስረከበው መካከለኛው ድርጅት ነው። ወዳጄ ለፖስታ ቤቱ ቢጽፍ "ላኪውን አነጋግር" የሚል መልስ ነው የሚጠብቀው። ሻጩ ደግሞ ራሱ በቀጥታ አላስረከበም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲጠፋ ፖስታ ቤቱን ከመከተል ገንዘቡ የተከፈለበትን የኦንላይን ገበያ የገዢ ጥበቃ መጠቀም ይሻላል። ጊዜው ሳያልፍ ግን መሆን አለበት። የገዢ ጥበቃው ስንት ቀን እንደሆነ የምታዩት ባዘዛችሁበት ቀን እንጂ በተጨነቃችሁበት ቀን አይሁን።

ፊደሎቹ የማያረጋግጡትም ነገር አለ። በ NL ማለቁ ማጭበርበር አይደለም ማለት፣ በ NL የሚያልቅ ሁሉ ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም። አጭበርባሪ ሻጭ የሌላ ሰው እውነተኛ ቁጥር አንስቶ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቁጥሩ ይሠራል፤ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቀን "ተሰጥቷል" ይላል። እናንተ ግን ምንም አልደረሳችሁም። ይህን የምታውቁት በፊደሉ ሳይሆን በሌሎች ምልክቶች ነው። ዕቃው የተረከበበት ቀን ካዘዛችሁበት ይቀድማል። ወይም የተሰጠበት ከተማ የናንተ አይደለም። ከተማው አንድ ከሆነ ደግሞ ያደረሰውን ፖስታ ቤት ዕቃው በየትኛው አድራሻ እንደተሰጠ ጠይቁ። የሌላውን ሰው ስም ባይነግሯችሁም በናንተ አድራሻ አለመሰጠቱን ሊያረጋግጡላችሁ ይችላሉ። ለገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ የሚጠቅመው ማስረጃ እሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቅርጹ ያንኑ ይመስልና የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች የማንም አገር ሳይሆኑ ይገኛሉ። YP እንደዚያ ነው፤ YP የሚባል አገር የለም። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚያወጣው የግል ጭነት ድርጅት ነው፤ የሚገኘውም በድርጅቱ ገጽ ወይም ብዙ ድርጅቶችን በሚፈልጉ ገጾች ላይ ነው። በ 1Z የሚጀምር ወይም አሃዝ ብቻ የሆነ ቁጥር ከያዛችሁ ደግሞ የአገር ፊደል አትፈልጉ። እሱ ብዙ ጊዜ የግል ኩሪየር ቁጥር ነው፤ የ S10 ደንብ አይመለከተውም።

የወዳጄ ማዳመጫ በሃያ ስድስተኛው ቀን ደረሰ። ፓኬቱን ከመቅደዱ በፊት ወረቀቱን አገላብጦ አሳየኝ። ላይኛው ጥግ ላይ የኔዘርላንዱ ባርኮድ አለ። ከሱ በታች በደቃቅ ፊደል የላኪው አድራሻ አለ፤ ሼንዘን ይላል።